ምዕራፍ ሰባት፦ አፕሬዛሉ ከዋጋው በታች ሲመጣ የሚጻፈው ደብዳቤ

አሜሪካ ውስጥ በባንክ ብድር ቤት የሚገዛ ሰው ከሻጩ ጋር ተስማምቶ ውል ከፈረመ በኋላም ዋጋው ገና አልጸናለትም። አበዳሪው ቤቱ ያን ያህል ማውጣቱን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ፈቃድ ያለው አፕሬዘር ይልካል። ከዚያም ብድሩን የሚያሰላው ከውሉ ዋጋና ከአፕሬዘሩ ግምት ያነሰውን ይዞ ነው። ብዙ ጊዜ ግምቱ ከውሉ ጋር እኩል ወይም ከፍ ብሎ ስለሚመጣ ገዢው ሪፖርቱን ገልጦ እንኳ አያየውም። ዝቅ ብሎ ሲመጣ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ደብዳቤ መጻፍ ይኖርበታል። ደብዳቤው በሙያው ቋንቋ ግምቱ ዳግም እንዲታይ የሚቀርብ ጥያቄ ነው። ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ደብዳቤ ነው፤ የምሟገትለት ነጥብም አንድ ነው፦ ደብዳቤው የሚሠራው ዋጋ ሳይጠይቅ ሲቀር ነው። ገዢው በልቡ የሚመኘው ቁጥሩ ከፍ እንዲል ቢሆንም፣ በወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት በሪፖርቱ ውስጥ የተሳሳተው፣ የጎደለውና ያልተብራራው ነገር ብቻ ነው።

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ ምሳሌ ልሥራ። ቤቱ ሜሪላንድ፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው እንበል፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤት የገዙበትና የሚገዙበት አካባቢ ነው። የተስማሙበት ዋጋ 560,000 ዶላር ነው። ገዢዎቹ ባልና ሚስት አምስት በመቶ፣ ማለትም 28,000 ዶላር ቅድመ ክፍያ አዘጋጅተው 532,000 ሊበደሩ አስበዋል። አፕሬዛሉ 535,000 ሆኖ መጣ። አበዳሪው አሁን የሚሰጠው የ535,000ን ዘጠና አምስት በመቶ፣ 508,250 ዶላር ነው። ሻጩ ግን ውሉ ላይ ያለውን 560,000 ይጠብቃል። ስለዚህ ገዢዎቹ ለክሎዚንግ ወጪው ካስቀመጡት ሌላ 51,750 ዶላር በእጃቸው ይዘው መቅረብ አለባቸው፤ ከአሰቡት 23,750 ይበልጣል። ይህን ያህል ገንዘብ በሦስት ሳምንት ውስጥ ከየትም አይመጣም፤ ቢመጣም ከዘመድ የሚመጣ ስጦታ የራሱ ደብዳቤና የባንክ ማስረጃ አለው።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ግምቱ ማነሱ ለገዢው መልካም ዜና አይደለም ወይ? ገለልተኛ ባለሙያ «ከሚገባው በላይ ልትከፍሉ ነው» ብሎ ካስጠነቀቃቸው ለምን ይከራከሩታል? ሻጩን «ዋጋ ቀንስ» ለማለት ከዚህ የተሻለ መከራከሪያስ የት ይገኛል? ይህ እውነት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ገበያው ከቀዘቀዘ፣ ሻጩ ሌላ ገዢ ከሌለው፣ ውሉም ገዢው በአፕሬዛል ምክንያት ያለ ቅጣት እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ ካለው፣ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ሻጩ ነው። ብድሩ ኤፍ ኤች ኤ ወይም የአርበኞች ብድር ከሆነ ደግሞ ግምቱ ከዋጋው ካነሰ ገዢው ለመግዛት እንደማይገደድ የሚገልጽ አንቀጽ በውሉ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ገዢው ሪፖርቱን እንደ ዳኛ ሆኖ ማንበብ አለበት። ሪፖርቱ ትክክል ሆኖ ካገኘው መከራከር የለበትም፤ ገንዘቡን ያተረፈለት ሰነድ ነውና። ደብዳቤው ተገቢ የሚሆነው ሪፖርቱ ቤቱን በትክክል አለመግለጹ ወይም ያወዳደረው ከማይመስለው ቤት ጋር መሆኑ ሲታይ ነው። የተሳሳተ ሪፖርት ለገዢው ማስጠንቀቂያም መደራደሪያም አይሆነውም፤ ሻጩ ስህተቱን አይቶ አልቀንስም ይላል፣ ባንኩ ደግሞ ስህተቱን ይዞ ብድሩን ይቀንሳል፣ ገዢው መሐል ላይ ይቀራል።

ደብዳቤው ለምን ዋጋ መጥራት እንደሌለበት ለመረዳት ሕጉ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል። ከ2008ቱ የቤት ገበያ ውድቀት በፊት በነበሩት ዓመታት አበዳሪዎችና ደላሎች አፕሬዘሮችን በስልክ እየጠሩ የሚፈልጉትን ቁጥር ይነግሯቸው ነበር፤ ቁጥሩን ያላመጣ አፕሬዘር ሌላ ሥራ አይደርሰውም። በ2007 የኒው ዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረው አንድሩ ኩሞ በዚሁ ጉዳይ ክስ መሠረተ፤ ከዚያ በኋላ ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዙት ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ በ2009 ሥራ ላይ የዋለ የሥነ ምግባር ደንብ ተቀበሉ። በ2010 ደግሞ የዶድ ፍራንክ ሕግ ክልከላውን በብድር ግልጽነት ሕግ ውስጥ አስገባው። አበዳሪም ሆነ ሌላ በሽያጩ ላይ የሚሠራ ወገን አፕሬዘሩን ወደ አንድ ቁጥር መግፋት አይችልም። ሕጉ ግን አፕሬዘሩን ማነጋገርን ጨርሶ አልከለከለም፤ ሦስት ጥያቄዎችን በስም ፈቅዷል። አፕሬዘሩ ስለ ቤቱም ሆነ ስለ ማወዳደሪያ ቤቶች ተጨማሪ መረጃ እንዲመለከት መጠየቅ ይቻላል፤ የደረሰበትን ግምት በዝርዝር እንዲያብራራ መጠየቅ ይቻላል፤ በሪፖርቱ ያሉ ስህተቶችን እንዲያርም መጠየቅ ይቻላል። ጥሩ ደብዳቤ ከነዚህ ከሦስቱ አይወጣም። ከወጣ የአበዳሪው ሠራተኛ ወደ አፕሬዘሩ ሊያስተላልፈው አይደፍርም፤ ቢያስተላልፈው እሱ ራሱ ጫና ያደረገ ይሆናልና።

ደብዳቤው ለአበዳሪው የሚጻፍበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። የአፕሬዛሉን ክፍያ የከፈለው ገዢው ቢሆንም የአፕሬዘሩ ደንበኛ አበዳሪው ነው፤ አፕሬዘሩ የሥራውን ዝርዝር ከሌላ ሰው ጋር እንዳይወያይ የሙያው ደንብ ያስረዋል። በእኛ ባህል አስቸጋሪ ጉዳይ ሲገጥም የሚያውቅ ሰው ፈልጎ በአማላጅ ማስለመን ደግ መንገድ ነው፤ እዚህ ግን ኤጀንቱ ወይም አንድ የሚያውቅ ወዳጅ ለአፕሬዘሩ ደውሎ «እባክህ ልጆቹን እርዳቸው» ካለ ጥያቄው ገና ከመጀመሩ ይበላሻል። ገዢው የሪፖርቱን ቅጂ የማግኘት መብት ግን ሙሉ ነው። ሪፖርቱ እንደተጠናቀቀ ሳይዘገይ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከክሎዚንጉ ሦስት የሥራ ቀናት በፊት፣ አበዳሪው ሊሰጠው ይገባል። ፋኒ ሜይና ፍሬዲ ማክ በ2024 ባወጡት መመሪያ ገዢው በአንድ አፕሬዛል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ዳግም ይታይልኝ ማለት ይችላል፤ ማቅረብ የሚችለውም ከአምስት ያልበለጡ ማወዳደሪያ ቤቶችን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። በንዴት ሌሊት የተላከ ኢሜይል ያቺን አንድ ዕድል ሊያቃጥላት ይችላል።

በብዛት የሚጻፈው ደብዳቤ እንዲህ ዓይነት ነው፦ ግምቱ በጣም አሳዝኖናል፤ ቤቱን ለማግኘት ከስንት ሰው ጋር ተወዳድረናል፤ ሻጩ ኩሽናውን በ40,000 ዶላር አሳድሶታል፤ ኢንተርኔት ላይ 570,000 ያወጣል ይላል፤ እባካችሁ ወደ 560,000 አስተካክሉልን። ትሕትናው እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን አፕሬዘሩ ሪፖርቱ ውስጥ ሊያስገባው የሚችል አንድም ነገር የለበትም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ቁጥር በኮምፒውተር የተሰላ እንጂ ሽያጭ አይደለም። ለኩሽና የወጣው ወጪ ገበያው ለኩሽናው የሚከፍለውን አያሳይም። ለሽያጭ ወጥቶ ገና ያልተሸጠ ቤት ዋጋም የሻጩ ምኞት ነው። ብዙ ገዢ መሻማቱስ? እሱ እንኳ ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ በቃል ሲወራ ሳይሆን የሻጩ ኤጀንት ስንት የጽሑፍ ኦፈር እንደመጣና በምን ዋጋ እንደመጣ ካረጋገጠ ብቻ።

«ፈቃደኛ ገዢና ፈቃደኛ ሻጭ የተስማሙበት ዋጋ ራሱ የገበያ ዋጋ አይደለም ወይ?» የሚል ሌላ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። ኢኮኖሚክስ ያነበበ ሁሉ ይህን ያነሳል። መልሱ፦ አንድ ማስረጃ ነው፣ ብቸኛው ማስረጃ ግን አይደለም። አንድ ገዢ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ስለሆነ ወይም እህቱ ከጎን ስለምትኖር ከሌላው ሰው የበለጠ ሊከፍል ይችላል። አበዳሪውን የሚያስጨንቀው ግን ይህ ሰው መክፈል ቢያቅተውና ቤቱ በሐራጅ ቢሸጥ ቀጣዩ ገዢ ምን ይከፍላል የሚለው ነው። ስለዚህ ውሉ ራሱን በራሱ አያስረዳም፤ ሌሎች ሰዎች ለተመሳሳይ ቤት የከፈሉት ነው የሚያስረዳው። ገዢው የሚያሸንፈውም በዚያው ሜዳ ላይ ነው።

ወደ ምሳሌያችን ቤት እንመለስ። ለአሥርተ ዓመታት ሲሠራበት በኖረው ፎርም 1004 ውስጥ ዋናው ገጽ አንድ ሠንጠረዥ ነው። በግራ የሚገዛው ቤት፣ ቀጥሎ ቢያንስ ሦስት የተሸጡ ማወዳደሪያ ቤቶች ተደርድረዋል። ማወዳደሪያው በአንድ ነገር ከበለጠ ዋጋው ይቀነስበታል፤ ካነሰ ይጨመርለታል፤ በመጨረሻ ሦስቱ የተስተካከሉ ዋጋዎች ይመዘናሉ። ብዙ አንባቢ ቁጥሩን አይቶ ገጹን ይዘጋል፤ ነገሩ ያለው ግን በመስመሮቹ ውስጥ ነው። ከመሬት በታች ስላለው ክፍል፣ ስለ ቤዝመንቱ፣ የሚናገረው መስመር ላይ በሚገዛው ቤት ስር `800sf0sfin` ተጽፏል። ሲነበብ፦ ቤዝመንቱ 800 ስኩዌር ፊት ነው፤ ተሠርቶ ያለቀው ዜሮ ነው፤ መግቢያውም ከውስጥ ብቻ ነው ማለት ነው። እውነቱ ግን 600 ስኩዌር ፊቱ ወለልና ግድግዳው ያለቀ፣ መኝታ ቤትና ሙሉ መታጠቢያ ያለው፣ በር ወደ ጓሮ የሚከፍት ነው፤ በትክክል ቢጻፍ `800sf600sfwo` መሆን ነበረበት፣ ከስሩም ክፍሎቹ `1rr1br1.0ba0o` ተብለው መዘርዘር ነበረባቸው። ከዚህ የሚገርመው ማስረጃው እዚያው ሪፖርት ውስጥ መሆኑ ነው። አፕሬዘሩ የመታጠቢያ ክፍሎችን ሁሉ ፎቶ ማንሳት ግዴታው ስለሆነ የቤዝመንቱ መታጠቢያ ፎቶ ከኋላ ገጾች ላይ አለ። ፎቶው አንድ ነገር ይላል፣ ሠንጠረዡ ሌላ። ምናልባት መስመሩ ከካውንቲው የግብር መዝገብ ላይ ተገልብጦ ሳይታረም ቀርቶ ይሆናል።

ይህች አንዲት መስመር ምን እንዳደረገች እንይ። የመጀመሪያው ማወዳደሪያ በ558,000 የተሸጠ፣ የተሠራ ቤዝመንት ያለው ቤት ነው። የኛ ቤት ቤዝመንት አልተሠራም ተብሎ ስለተጻፈ 20,000 ዶላር ተቀነሰበትና 538,000 ሆነ። ሦስተኛውም በ549,000 የተሸጠ፣ እንዲሁ ቤዝመንቱ የተሠራ ነው፤ በተመሳሳይ ተቀንሶ 529,000 ሆነ። ሁለተኛው በ520,000 የተሸጠ፣ ቤዝመንቱ ያልተሠራ ነው፤ ስለ ስፋቱ 12,000 ተጨምሮለት 532,000 ሆነ፤ ቤዝመንቱ ግን «እኩል ነው» ተብሎ ምንም አልተጨመረለትም። 535,000 የተገኘው ከነዚህ ነው። መስመሩ ቢታረም የአፕሬዘሩን የራሱን 20,000 ይዘን ስናሰላ ሦስቱ 558,000፣ 552,000 እና 549,000 ይሆናሉ። ገዢው ምንም ቁጥር ሳይጠይቅ፣ ስህተቱን ብቻ ጠቁሞ፣ ሦስቱንም ዓምዶች አንቀሳቀሰ ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ጊዜ ነው። ሁለተኛው ማወዳደሪያ የተሸጠበት ቀን `s05/24;c04/24` ይላል፤ ውሉ በኤፕሪል 2024፣ ርክክቡ በሜይ 2024 ነው። አፕሬዛሉ የተሠራው በኤፕሪል 2025 ነው። የአሥራ ሁለት ወር ገደብ ስላላለፈ መጠቀሙ ስህተት አይደለም። ነገር ግን አፕሬዘሩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የአካባቢው ዋጋ «እየጨመረ ነው» የሚለውን ሣጥን ምልክት አድርጎበታል፤ ውሉ አንድ ዓመት ለሞላው ሽያጭ ግን የጊዜ ማስተካከያ ዜሮ ነው። ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ወይ ገበያው አልጨመረም፣ ወይ ማስተካከያው ጎድሏል። ይህ ማብራሪያ የሚጠየቅበት ቦታ ነው እንጂ ስህተት ነው ተብሎ የሚደመደምበት አይደለም፤ አፕሬዘሩ ያላብራራው ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ሦስተኛው ማወዳደሪያም ድንበር ተሻግሮ በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ያለ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቶቹም የቤት ግብሩም የሌላ ካውንቲ ናቸው። በሠፈሩ ውስጥ የቅርብ ሽያጭ ጠፍቶ ከሆነ ያስኬዳል፤ ሽያጭ እያለ ከሆነ ግን ለምን እንደተዘለለ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በተቃራኒው ገዢዎቹ ሊሉት የፈለጉትና መቅረት ያለበት አንድ ነገር አለ። ማስታወቂያው «1,920 ስኩዌር ፊት፣ ሦስት መታጠቢያ» ይል ነበር፤ ሪፖርቱ 1,320 እና ሁለት ብሎ ጽፏል። ይህ ስድብ ይመስላል፤ ግን ትክክል ነው። ፋኒ ሜይ ከኤፕሪል 2022 ጀምሮ የሚያስገድደው የልኬት ደንብ ከመሬት በላይ ያለውንና ያለቀውን ክፍል ብቻ በዋናው ስፋት ውስጥ ይቆጥራል። አንድ ግድግዳው እንኳ አፈር ውስጥ የገባ ወለል፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በሌላ መስመር ነው የሚገባው፤ መታጠቢያውም አብሮት ይወርዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከፊል ወለላቸው አፈር ውስጥ የገባ ቤቶች ብዙ ስለሆኑ ይህ ቅሬታ ደጋግሞ ይነሳል። ገዢው «600 ስኩዌር ፊት ሰረቃችሁን» ብሎ ቢጽፍ አፕሬዘሩ ደንቡን ጠቅሶ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትክክለኛ ነጥብም በዚያው ዓይን ይታያል። አንድ የተሳሳተ ቅሬታ ሁለት ትክክለኛ ቅሬታዎችን ይዞ ይወድቃል።

አሁን ደብዳቤውን እንጻፈው። የሚላከው በእንግሊዝኛ ነው፤ ይዘቱ ግን ይህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። ለምንገዛው ቤት የተሠራው አፕሬዛል ደርሶናል፤ እናመሰግናለን። ሪፖርቱን በጥንቃቄ አንብበነዋል፤ አፕሬዘሩ የሚከተሉትን ነጥቦች እንዲመለከትልን በአክብሮት እንጠይቃለን። አንደኛ፣ የቤዝመንቱ መስመር የተሠራውን ስፋት ዜሮ ይላል፤ በሪፖርቱ የፎቶ ገጾች ላይ ያለው የቤዝመንት መታጠቢያና ከካውንቲው የተሰጠው የግንባታ ፈቃድ 600 ስኩዌር ፊት መሠራቱን ያሳያሉ፤ ፈቃዱን አያይዘናል። እርማት ካስፈለገው በሦስቱም ማወዳደሪያዎች ላይ ያለው ማስተካከያ አብሮ እንዲታይ እንጠይቃለን። ሁለተኛ፣ ገጽ አንድ ዋጋው እየጨመረ መሆኑን ያሳያል፤ በማወዳደሪያ ሁለት ላይ የጊዜ ማስተካከያ ያልተደረገበትን ምክንያት ቢያብራሩልን ደስ ይለናል። ሦስተኛ፣ ከአፕሬዛሉ ቀን በፊት ርክክባቸው የተፈጸመ፣ በግማሽ ማይል ውስጥ የሚገኙ ሦስት ሽያጮችን ከመዝገብ ቁጥራቸው ጋር እናቀርባለን። ቤት ሀ፦ 562,000 ዶላር፣ ማርች 2025፣ 1,290 ስኩዌር ፊት፣ ቤዝመንቱ የተሠራ። ቤት ለ፦ 571,000 ዶላር፣ ፌብሩዋሪ 2025፣ 1,450 ስኩዌር ፊት፤ ከምንገዛው ቤት የሚሰፋ መሆኑን እናውቃለን። ቤት ሐ፦ 545,000 ዶላር፣ ማርች 2025፣ 1,310 ስኩዌር ፊት፣ ቤዝመንቱ ያልተሠራ። እነዚህ ከማወዳደሪያ ሦስት የተሻለ ወይም ያነሰ መመሳሰል እንዳላቸው አፕሬዘሩ እንዲመዝን እንጠይቃለን። ስለ ጊዜዎና ስለ ሙያዊ ፍርድዎ እናመሰግናለን።»

560,000 የሚለው ቁጥር አንድ ቦታ እንኳ የለም። ብድሩ ሊበላሽ መሆኑም፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት መመዝገባቸውም የለም። ቤት ለ ሲጠቀስ ልዩነቱ አብሮ ተነግሯል። ቤት ሐን ማስገባት ለአንዳንዱ ሞኝነት ሊመስለው ይችላል፤ ዋጋው ዝቅተኛ ነውና። አፕሬዘሩ ግን ያንኑ የሽያጭ መዝገብ ስለሚከፍት ቤት ሐን ያየዋል፤ ገዢው ደብቆት ካገኘው ሌሎቹንም ይጠራጠራል። ገዢው ራሱ ሲያቀርበው ደግሞ ቤዝመንቱ ያልተሠራው ቤት 545,000 ካወጣ የተሠራው ስንት እንደሚያወጣ አፕሬዘሩ በራሱ 20,000 ያሰላዋል። የዚህ ደብዳቤ ጨዋነት በቃላት ምርጫ አያልቅም፤ ፍርዱን ለባለሙያው መተውና የሚጎዳንንም ማስረጃ አለመደበቅ ነው።

ይህን ሁሉ ለሚያነብ ጥቁር ቤተሰብ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ ግምቱ ያነሰው በስህተት ሳይሆን በእኛ ምክንያት ቢሆንስ? ጥያቄው ያለ መሠረት የሚነሳ አይደለም። ፍሬዲ ማክ በ2021 ባወጣው ጥናት ከውል ዋጋ በታች የመጡ አፕሬዛሎች ነጮች በሚበዙባቸው ሠፈሮች 7.4 በመቶ ሲሆኑ፣ ጥቁሮች በሚበዙባቸው 12.5፣ ላቲኖዎች በሚበዙባቸው 15.4 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ያለው ሰው ዝም ማለት የለበትም። ሪፖርቱ ስለ ሠፈሩ ነዋሪዎች ማንነት የሚናገር ቃል ካለበት፣ ወይም ማወዳደሪያዎቹ በቅርብ ያሉትን ዘልለው ሁልጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ከተመረጡ፣ ለአበዳሪው ይህን በግልጽ በጽሑፍ ማሳወቅና በአንድ ዓመት ውስጥ ለፌዴራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። የምመክረው ሁለቱን በተለያየ ወረቀት ማድረግን ነው። የአድልዎ አቤቱታ ለምርመራ ወደ ሌላ ክፍል ይሄዳል፤ ጊዜም ይወስዳል። የቤዝመንቱ መስመር ግን በቀናት ውስጥ የሚታረም ነው፤ ምርመራውን መጠበቅ የለበትም። የታረመው ስህተት ራሱም በኋላ ለአቤቱታው ማስረጃ ይሆናል።

የመጨረሻው ተቃውሞ የደከመው ሰው ነው፦ አፕሬዘር ተሳስቻለሁ አይልም፣ ምን አደከማችሁ? አስተያየትን ብቻ ለሚነቅፍ ደብዳቤ ይህ እውነት ነው። «ቤቱ ካሰብከው የተሻለ ነው» የሚባል አፕሬዘር የሚያርመው ነገር የለውም። ሠንጠረዡና ፎቶው ሲጋጩ ግን አበዳሪው ራሱ ሪፖርቱን እንዲያው ሊተወው አይችልም፤ ብድሩን የሚገዙት ተቋማት ጉድለት ያለበትን ሰነድ ሊመልሱበት ይችላሉ። ስለዚህ ስህተትን የሚያሳይ ደብዳቤ ከገዢው ሌላ ባለጉዳይ ያገኛል። ያም ሆኖ ውጤቱ ገዢው የተመኘው ላይሆን ይችላል። በምሳሌያችን አፕሬዘሩ መስመሩን አርሞ፣ ቤት ሀን አስገብቶ፣ 555,000 ላይ ቢያቆም አያስደንቅም። አበዳሪው ያኔ 527,250 ያበድራል፤ ገዢዎቹ 32,750 ያዋጣሉ፤ ከአሰቡት የሚበልጠው 4,750 ብቻ ነው። የቀረውን 5,000 ልዩነት ይዞ ሻጩን ማነጋገር አሁን ቀላል ነው፤ በእጃቸው ያለው ሪፖርት ሻጩም ሊያጣጥለው የማይችል ሆኗልና። ግምቱ ንቅንቅ ካላለ ደግሞ ሦስት መንገድ ይቀራል፦ ሻጩ እንዲቀንስ መደራደር፣ ልዩነቱን በገንዘብ መሙላት፣ ወይም ውሉ በሚፈቅደው ቀን መውጣት።

ያ ቀን ነው ብዙ ሰው የሚያመልጠው። ለአበዳሪው የተላከ ደብዳቤ ከሻጩ ጋር ያለውን ሰዓት አያቆመውም። አፕሬዘሩ ለመመለስ አንድ ሳምንት ሲወስድ በውሉ ያለው የአፕሬዛል አንቀጽ በሦስተኛው ቀን ሊያበቃ ይችላል፤ ካበቃ በኋላ የወጣ ገዢ ያስያዘውን ገንዘብ ሊያጣ ይችላል። ብድሩ የአርበኞች ብድር ከሆነ ሰዓቱ ይብሳል፤ አፕሬዘሩ ግምቱ ሊያንስ መሆኑን አስቀድሞ ካሳወቀ ማስረጃ ለማቅረብ ያለው ጊዜ ሁለት የሥራ ቀን ነው። ስለዚህ ሪፖርቱ ዝቅ ብሎ የደረሰዎት ከሆነ ደብዳቤውን መጻፍ ከመጀመርዎ በፊት ውልዎን ያውጡ፣ አንቀጹ የሚያበቃበትን ቀን ይፈልጉ፣ ቀኑ ከቀረበም ኤጀንትዎ በዚያው ዕለት ከሻጩ ማራዘሚያ በፊርማ እንዲያገኝልዎ ያድርጉ። የቤዝመንቱን መስመር ከዚያ በኋላ ይክፈቱት።